ቱቦ የገባለት ጆሮ ቤት ሲመለስ

ልጄ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቶ ገና እንቅልፉን ሳይጨርስ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔስ አንብቤ እረዳዋለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጁን የሚያጥቡት፣ የሚያበሉት፣ ጸጉሩን የሚያበጥሩት እናቴ ግን እንግሊዝኛ አያነቡም። እኔም ብሆን አንብቤ ስጨርስ የቀረኝ ጥያቄ ካገኘሁት መልስ ይበዛ ነበር። ጆሮው ውኃ እንዳይነካው ይላል፤ እስከ መቼ? ፈሳሽ ካያችሁ ተመለሱ ይላል፤ የትኛው ፈሳሽ? የጸጉር ቅቤስ? ጠበልስ? ይህን ሁሉ በቀጣዮቹ አሥር ወራት ሐኪሙንና የተኛበትን ክፍል ነርስ እየጠየቅሁ በደብተር ላይ አሰፈርሁት። ያ ወረቀት በአማርኛ ቢጻፍ ምን ማለት ነበረበት ለሚል ወላጅ ከደብተሩ ያወጣሁት ይኸው።

ልጁ ያኔ አራት ዓመቱ፣ ክብደቱም 16 ኪሎ ነበር። ቴሌቪዥን ሲያይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም፤ "ምን?" ማለት ያበዛል። እልኸኛ ሆነ ብለን የተቆጣነው ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። ልጁ አልሰማንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር ብቻ ሊኖርበት የሚገባ ትንሽ ክፍት ቦታ አለ። ቦታው አየር የሚያገኘው ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ጆሮ በሚዘልቅ ቀጭን መተላለፊያ ነው። በትንንሽ ልጆች ይህ መተላለፊያ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ቶሎ ይደፈናል። አየር ሲያጣ ቦታው ፈሳሽ ያቁራል፤ ፈሳሹም እየቆየ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ታምቡሩ ከጀርባው በዚህ ፈሳሽ ስለታፈነ እንደ ልቡ አይርገበገብም። ብዙውን ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም ስለሌለው ወላጅ ሳያውቀው ወራት ያልፋሉ። አብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል፤ ሐኪሞች ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና የማይሄዱትም ለዚህ ነው። የልጄ ግን በሁለቱም ጆሮው ከሦስት ወር አልፎ ቆየ፤ በመስማት ምርመራውም መስማቱ ቀንሶ ተገኘ፤ ስለዚህ ቱቦ ይግባለት ተባለ።

ግሮሜት የሚሏት ቱቦ ከጤፍ ተለቅ፣ ከምስር አነስ ያለች፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ ቁልፍ መሳይ ነገር ናት። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ሐኪሙ በማጉያ መነጽር እያየ ታምቡሩን በጥቂቱ ይበጣዋል፤ ፈሳሹን መጥጦ ያወጣና ቱቦዋን ብጡ ላይ ይሰካታል። ሁለቱም ጆሮ በሩብ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ የቪየናው የጆሮ ሐኪም አዳም ፖሊትዘር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞክሮታል። ዛሬ በየሀገሩ የሚሠራበትን መንገድ የከፈተው ግን አሜሪካዊው ሐኪም ቤቨርሊ አርምስትሮንግ በ1954 ከፕላስቲክ የተሠራች ቱቦ ማስገባቱ ነው።

እኔ ቱቦዋን የፈሳሽ ማስወገጃ ቦይ አድርጌ ነበር የማስባት። ነርሷን "ሲስተር፣ ታዲያ ለምን ምንም አይፈስም?" ብዬ ስጠይቃት ሣቅ አለችና፣ "የፈሰሰው እዚያው በቀዶ ጥገናው ላይ ተመጥጧል። ቱቦዋ መስኮት ናት፤ ሥራዋ አየር ማስገባት ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት እንክብካቤ የሰማሁት ሁሉ ከዚህች ቃል የሚመዘዝ ሆኖ አገኘሁት። ታምቡር ደኅና ሳለ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ደርሶ ይቆማል። አሁን ግን ታምቡሩ ላይ የተከፈተ መስኮት አለ፤ ጆሮ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ውስጠኛው ክፍል ሊያልፍ ይችላል። ውኃ ሲነካው ምን ይሆናል፣ ቅቤ ሲፈስበትስ፣ የትኛው ጠብታ ይደረግለታል ለሚለው ጥያቄ ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከፈራሁት በላይ ቀላል ነበር። ማደንዘዣው ለጥቂት ሰዓት ያንገዳግደዋል፣ ያነጫንጨዋል፤ አንድ ሁለቴ ማስመለስም ያለ ነው። እናቴ ቀጭን አጥሚት በትንሽ በትንሹ ሰጡት፤ ሲመሽ እንጀራ ጠይቆ በላ። በማግስቱ ሊጫወት ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ሄደ። በእነዚያ ቀናት ከጆሮው ቀላ ያለ ወይም ውኃ መሳይ ነገር ጠብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ትራስ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ያያሉ። በጨርቅ ከውጭ መጥረግ ይበቃዋል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ካላቆመ ወይም ደሙ ደማቅ ሆኖ ከወረደ ግን ሐኪም ይየው።

ለሕመሙ የሚበቃው ፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው፤ እሱም ለአንድ ሁለት ቀን ቢያስፈልግ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ስሕተት የሚፈጠረው በማንኪያው ነውና። መጠኑ የሚሰላው በልጁ ክብደት ሲሆን ለአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለልጄ 16 ሲባዛ በ15 ማለትም 240 ሚሊ ግራም ይመጣል። እኛ የገዛነው ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ነበር፤ ስለዚህ ልጁ የሚወስደው 10 ሚሊ ሊትር ሆነ። በሌላ ጊዜ ከሌላ መድኃኒት ቤት ያመጣነው ጠርሙስ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ይላል። ሁለቱም ቀይ ሽሮፕ ናቸው፤ ጣዕማቸውም ተቀራራቢ ነው። እናቴ እንደ ለመዱት 10 ሚሊ ሊትር ቢሰጡት ልጁ የሚያስፈልገውን እጥፍ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ጠርሙሱ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉ ይነበብ፤ የሚሰጠውም በቤት ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ይሁን። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይቆይ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይበልጥ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር አለ፤ ልጁ በድምፅ መደንገጡ። በዚያው ምሽት ፍሪጁ ሲያጓራ ብድግ አለ። ጀበናው ሊገነፍል ሲል የሚያሰማውን ሲሲታ ሰምቶ "ማነው የሚያፏጨው?" ብሎ ጠየቀ። ወራት ሙሉ በወፍራም ብርድ ልብስ እንደ ተሸፋፈነ ሲሰማ የነበረ ጆሮ በአንድ ቀን ሲገለጥ ሁሉ ነገር ጩኸት ይሆንበታል። በሳምንት ገደማ ይለምደዋል፤ እስከዚያው ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን ዝቅ ማድረግ ነው።

ወደ ውኃው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባን እሱ ነበር። የኛ ሐኪም ያዘዙት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጆሮው ጨርሶ እንዳይረጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ጥንቃቄ ከሳሙናው ነው። ንጹሕ ውኃ እንዲህ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ድቡልቡል ብሎ ይቆማል፤ ካልተገፋ በቀር በቀላሉ አያልፍም። ሳሙናና ሻምፑ ግን ይህን የውኃ መያያዝ ስለሚያላሉት አረፋው ሾልኮ ይገባል። የልጅ ገላ የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ጋደም ብሎ ጆሮውን መንከር ደስ የሚለው ልጅ ካለ፣ መከልከል ያለበት ይህን ነው፤ ያ ውኃ ሳሙናም እድፍም አለበት።

ጸጉሩ ሲታጠብ የምናደርገው እንዲህ ነው። ሽምብራ የምታህል ጥጥ ድብልብል እናደርግና ውጪዋን በቫዝሊን እንቀባለን፤ የጆሮው ቀዳዳ ደጃፍ ላይ እናሳርፋታለን። መግፋት የለም፤ በጣት ሊያዝ የሚችል ጫፍ ከውጭ መቅረት አለበት። ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ ውኃው ወደ ማጅራቱ እንዲወርድ እናደርጋለን። ልክ ሲያልቅ ጥጧ ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ወትፎ ማዋል ጆሮን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፤ ለጀርም የተመቸ ያደርገዋል። በክብሪት እንጨትና ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን ዘንግ ኩክ ማውጣትም እዚህ ቤት ቀርቷል።

ዋናን በተመለከተ የሐኪሞች ምክር ባለፉት ዓመታት ላልቷል። የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ቱቦ የገባላቸውን ልጆች ሁሉ ከዋና መከልከልም ሆነ መድፈኛ እንዲያደርጉ ማስገደድ አያስፈልግም ብሏል። ይህ ግን ልጁ በውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ዘልሎ ሲገባና ወደ ታች ሲጠልቅ ውኃው በግፊት ወደ ቱቦዋ ስለሚሄድ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ የሐይቅና የወንዝ ውኃም እንደ ታከመ ገንዳ አይደለም። እኛ ላንጋኖ ስንሄድ በጥጡ ደፍነን፣ ራሱን ሳይነክር እግሩን እያንቦጫረቀ ነው የዋለው። የየልጁ ጆሮ ይለያያልና ሐኪሙ ከዚህ የጠበቀ ትእዛዝ ከሰጠ የሚከበረው የሐኪሙ ነው።

ስለ ጠበል የጠየቁት እናቴ ናቸው፤ ለክትትል በሄድንበት ቀን አብረውን መጥተው ራሳቸው ነርሷን አነጋገሯት። "ልጄ፣ ጠበል ከልክሉት እንዳትዪኝ" አሏት። "ኧረ አልልም እማማ" አለች፤ "መጠጣቱ ምንም የለውም። ከላይ እየወረደ አናቱን የሚመታው ግን ጆሮው ውስጥ በግፊት ይገባል። ጆሮውን በጥጥና ቫዝሊን ይድፈኑለትና ራሱን በእጅዎ ያርጥቡለት፤ ሰውነቱ ላይ ግን ይፍሰስ።" እናቴ እንደዚያው አደረጉ። ለጥምቀት ውኃው ሲረጭም ያቺ ጥጥ ኪሳችን ውስጥ ነበረች።

ለጋ ቅቤ ግን እናቴ አንገራግረው ነው የተዉት። ጆሮ ሲያመን ለብ ያለ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ አድርገው፣ ጤና አዳም ጨምቀው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ ታምቡራችንም ደኅና ስለነበር ከውጭ ቀርቶ ይሆናል። መስኮቷ ክፍት በሆነበት ጆሮ ግን ቅቤም ዘይትም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦዋንም ይደፍናታል። አናት ላይ የተደረገ ቅቤ በፀሐይ ሲቀልጥ በጆሮ ግንድ ወርዶ እንደሚገባ ያሰብኩት ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ጆሮ ለማጠብ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም እንደዚሁ ይቅር።

በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ትራሱ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ አገኘን። ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል፤ ትኩሳት የለውም፤ "ያምሃል?" ስለው "አያመኝም" አለ። ከቀኝ ጆሮው ሽታ ያለው መግል ይወርድ ነበር። ቱቦ በገባላቸው ልጆች ላይ ከሚገጥመው ሁሉ የተለመደው ይህ ነው፤ ቱቦዋ ተበላሸች ማለት አይደለም። እንዲያውም በፊት ቢሆን በታምቡሩ ጀርባ ታምቆ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለቅሰው መግል መውጫ አግኝቶ ነው የወረደው።

ወደ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው የሚዋጥ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕና የጄንታማይሲን ጠብታ አቀረበልኝ። ልጁ ጆሮው ውስጥ ቱቦ እንዳለ አልነገርኩትም ነበርና ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ከመክፈሌ በፊት ለሐኪማችን ደወልኩ፤ ሁለቱንም እንድመልስ ነገሩኝ።

ጄንታማይሲንና ዘመዶቹ በቱቦዋ አልፈው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሊደርሱና የመስማትና የሚዛን ሕዋሳትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ታምቡሩ ላይ ቀዳዳ ላለበት ልጅ ሌላ አማራጭ እያለ አይመረጡም። ሐኪማችን በምትኩ የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ አዘዙ። ሽሮፑን የከለከሉት ግን ስለሚጎዳ አልነበረም፤ ጠብታው ስለሚበልጥ ነው። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች በ2014 ባሳተሙት ጥናት ቱቦ ኖሯቸው ጆሯቸው የሚፈስ 230 ልጆችን በሦስት መድበው አዩ፤ አንዱ ቡድን አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ፣ ሁለተኛው የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሲሰጠው ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ተጠበቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጆሯቸው አሁንም የሚፈሰው ከጠብታው ቡድን ከመቶ 5፣ የሚዋጠውን ከወሰዱት ከመቶ 44፣ ከተጠበቁት ደግሞ ከመቶ 55 ነበሩ። ጠብታው በመስኮቷ ገብቶ በቀጥታ ቁስሉ ላይ ያርፋል፤ የተዋጠው ግን መላ ሰውነት ዞሮ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ለልጄ የታዘዘው ጠዋትና ማታ 4 ጠብታ፣ ለ7 ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠብታ ግን በከንቱ ፈሰሰ፤ መግሉን ሳልጠርግ ጠብ ስላደረግሁት ከላይ ቀረ። ነርሷ ያሳየችኝ እንዲህ ነበር። ንጹሕ ሶፍት እንደ ክር ይጠመዘዝና ጆሮው ደጃፍ ላይ ይያዛል፤ መግሉን ይመጥጣል፤ ደርቆ እስኪወጣ በአዲስ ሶፍት ይደጋገማል። ጠርሙሱ በመዳፍ ተይዞ ለብ ይላል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ልጁን ያዞረዋል። ልጁ የታመመው ጆሮው ወደ ላይ ሆኖ በጎኑ ይተኛል። ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የጆሮው ግንድ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳብ ይደረጋል፤ መንገዱ ቀጥ የሚለው እንዲያ ነው። ጠብታው ከገባ በኋላ ከቀዳዳው ፊት፣ ጉንጭ በኩል ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣት አምስት ጊዜ ጫን ለቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በቱቦዋ የሚያሳልፈው ይህ ግፊት ነው። ከዚያ ልጁ ሦስት አራት ደቂቃ እንደ ተኛ ይቆያል። እኛ ቤት ያቺ ጊዜ የተረት ጊዜ ሆነች።

በሁለተኛው ቀን ልጁ ፊቱን አጨማዶ "አባዬ፣ ጉሮሮዬን መረረኝ" አለ። ደስ አለኝ። ምሬቱ ጠብታው በቱቦዋ አልፎ፣ በዚያ ቀጭን መተላለፊያ ወርዶ ጉሮሮው መድረሱን የሚናገር ነው። በአራተኛው ቀን ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ሰባቱን ቀን ግን ጨረስን። ከታዘዘው ቀን አልፎ መቀጠልም ደግ አይደለም፤ ጠብታው ሲበዛ ጆሮ ውስጥ ፈንገስ ያበቅላል።

ጠብታው ሳምንት ሞልቶት ፈሳሹ ካልቆመ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል፤ ጆሮው በመሣሪያ መመጠጥ፣ መግሉም በላቦራቶሪ መመርመር ሊኖርበት ይችላል። ሳይውል ሳያድር መሄድ ያለበት ግን ከጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ ያበጠ፣ የቀላ ወይም ጆሮው ወደ ፊት የተገፋ የመሰለ፣ ፊቱ በአንድ በኩል የወደቀ፣ ሲሄድ የሚንገዳገድ፣ ወይም ከፍ ካለ ትኩሳት ጋር ድብን ብሎ የተኛ ልጅ ነው። እነዚህ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጡ ግን ሌሊትም ቢሆን ንጋት አይጠበቅላቸውም።

ስለ አውሮፕላን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ልጁን ይዘን ዱባይ ያለችው አክስቱ ጋ በሄድን ጊዜ እኔም ሰግቼ ነበር። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ሲል ሌሎች ሕፃናት ሲያለቅሱ እሱ በመስኮት ያይ ነበር። የአየሩ ግፊት በቱቦዋ ስለሚተካከል ቱቦ ያለችበት ጆሮ በበረራ ላይ ከሌላው ይሻላል።

ቱቦዋን ማንም አያወጣትም። ታምቡሩ እያደገ ራሱ ይገፋታል፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ። የልጄን የግራዋን ሐኪሙ በአሥረኛው ወር ኩክ ውስጥ ተቀምጣ አገኟትና በመቆንጠጫ አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ታምቡሩ ተዘግቷል። አልፎ አልፎ ግን ሳይዘጋ የሚቀር ቀዳዳ ስላለ ቱቦዋ ወደቀች ብሎ ክትትሉን ማቆም ስሕተት ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ልጆች አንዱ ፈሳሹ ተመልሶበት ሁለተኛ ቱቦ ያስፈልገዋል።

የቀኟ ገና አለች። ለሚቀጥለው የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ይዘናል፤ እስከዚያው እናቴ ጠዋት ጠዋት ከጀርባው ቆመው፣ ጥቂት ራቅ ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ስሙን ይጠሩታል። ካልዞረ ደብተሩ ላይ ቀኑን ይጽፋሉ፤ እስካሁን የጻፉት ቀን የለም።